ከፎቶ ላይ የተነበበ ሰንጠረዥ፦ አማካዩን፣ ሚዲያኑንና ስርጭቱን ማግኘት

የመጽሐፍ ገጽ በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም መላኩ የተለመደ ሆኗል። አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ሲሆን ያለው መንገድ ይኸው ነው። ከፎቶዎቹ መካከል በተደጋጋሚ የሚመጣው የድግግሞሽ ሰንጠረዥ ነው፦ በግራ በኩል «30–39፣ 40–49…» የሚሉ ምድቦች፣ በቀኝ በኩል በየምድቡ የተገኙት ሰዎች ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ «አማካዩን፣ ሚዲያኑንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ፈልጉ» የሚል ጥያቄ። ብዙ ሰው ወዲያው ቀመሩን ወደማስታወስ ይሄዳል። እኔ እንደማየው ግን መልሱን በአብዛኛው የሚያበላሸው ቀመሩ አይደለም። ከቀመሩ በፊት የሚመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ፎቶው በትክክል አለመነበቡ፣ እና ሰንጠረዡ የደበቀውን ነገር አለማወቅ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ነው። የ50 ተማሪዎች የሒሳብ ፈተና ውጤት ከ100 ተይዞ በምድብ ተጠቃሏል እንበል፤ ውጤቱ ሁሉ ሙሉ ቁጥር ነው።

| ውጤት | የተማሪ ቁጥር |
|---|---|
| 30–39 | 4 |
| 40–49 | 6 |
| 50–59 | 12 |
| 60–69 | 15 |
| 70–79 | 8 |
| 80–89 | 5 |
| ድምር | 50 |

አሁን ይህ ሰንጠረዥ በጥላ ሥር፣ ትንሽ ዘመም ብሎ ተነስቷል ብለን እናስብ። በአምስተኛው ረድፍ ያለው 8 ግማሹ ደብዝዞ 3 ይመስላል። ፎቶውን ያየ ሰው 3 ብሎ ቢጽፍ በዓይን የሚያስጠረጥር ምንም ነገር የለም፤ 3 ተማሪ ከ70 እስከ 79 ማግኘቱ ከ8 ተማሪ ያነሰ የሚታመን አይደለም። የሚያጋልጠው የመጨረሻው ረድፍ ነው። የተነበቡትን ስንደምር 45 እናገኛለን፤ የታተመው ድምር ግን 50 ይላል። የጎደሉት አምስት ተማሪዎች በ8 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት ናቸው። ስለዚህ ከፎቶ ላይ ሰንጠረዥ ሲነበብ የመጀመሪያው ሥራ ቁጥሮቹን በወረቀት ገልብጦ መደመርና ከታተመው ድምር ጋር ማስተያየት ነው። ድምሩ በሰንጠረዡ ውስጥ ባይኖርም ብዙ ጊዜ «የ50 ተማሪዎች ውጤት እንደሚከተለው ነው» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል። ፎቶ አንሺው ያን ዓረፍተ ነገር ከቆረጠው መልሶ እንዲልከው መጠየቅ ይገባል።

ስህተቱ ሳይታወቅ ቢቀር ምን ይሆን ነበር? ሰውየው የራሱን ድምር 45ን ይዞ ቢያሰላ አማካዩ 59.39 ይወጣል፤ ትክክለኛው፣ በኋላ እንደምናየው፣ 60.9 ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተሳሳተውን 3 ይዞ ለታተመው 50 ማካፈል ነው፤ ያኔ አማካዩ ወደ 53.45 ይወርዳል። በአንድ ደብዛዛ አኃዝ ምክንያት ክፍሉ በሙሉ ከሰባት ነጥብ በላይ ያጣል ማለት ነው።

ከ3 እና ከ8 ሌላ 1 እና 7፣ 0 እና 6፣ 5 እና 6 በፎቶ ላይ ይምታታሉ። ገጹ ሲታጠፍ ወይም ስልኩ ሲያዘነብል የአንዱ ረድፍ ቁጥር ከጎረቤቱ ምድብ ጋር ተሰልፎ ይታያል። ይህ ስህተት በድምር አይያዝም፤ ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ አልጎደሉምና። መድኃኒቱ ወረቀት ጠርዝ ከረድፉ ሥር እያስደገፉ ወይም በስክሪኑ ላይ ምስሉን እያቀኑ አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ላኪው ጋር የሚሠራ ነገርም አለ። ቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ጥራቱ እንዳለ ይደርሳል። ለቁጥር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሌላም መመርመር ያለበት አለ፤ የቀኙ ዓምድ በእውነት ድግግሞሽ ነው ወይስ የተጠራቀመ ድግግሞሽ? የዓምዱ ርዕስ ከፎቶው ውጪ ከቀረ መለየት ያስቸግራል። ቁጥሮቹ ከላይ ወደ ታች 4፣ 10፣ 22፣ 37፣ 45፣ 50 እያሉ ሳይቀንሱ የሚሄዱና የመጨረሻው ከጠቅላላው ጋር እኩል ከሆነ የተጠራቀመ ነው። ያኔ ከእያንዳንዱ የበላዩን እየቀነሱ ወደ ድግግሞሽ መመለስ ያስፈልጋል።

ንባቡ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንመጣለን። «60–69 ውስጥ 15 ተማሪ አለ» የሚለው መስመር 15 ቁጥሮችን ውጦ አንድ ቁጥር ብቻ አስቀርቷል። ከነዚያ ተማሪዎች ማን 60፣ ማን 69 እንዳገኘ አይታወቅም። የምድብ አጋማሽ የምንለው ይህን ክፍተት የምንሞላበት ግምት ነው፤ አሥራ አምስቱም ተማሪዎች በምድቡ መሀል፣ 64.5 ላይ እንዳሉ አድርገን እንቆጥራለን። አጋማሹ የሚገኘው የምድቡን ሁለት ጫፎች ደምሮ ለ2 በማካፈል ነው፦ 60 ሲደመር 69፣ 129፤ ለ2 ሲካፈል 64.5። በዚሁ መንገድ የስድስቱ ምድቦች አጋማሾች 34.5፣ 44.5፣ 54.5፣ 64.5፣ 74.5 እና 84.5 ናቸው። በተከታታይ በአሥር በአሥር መራራቃቸው ትክክል መሆናቸውን ያሳያል። አንዱ ቦታ ላይ ርቀቱ ከተለየ ወይ የምድቡ ስፋት ይለያል፣ ወይ ጫፉ ከፎቶው ላይ ተሳስቶ ተነብቧል።

አማካዩን ለማግኘት እያንዳንዱን አጋማሽ በድግግሞሹ ማባዛት፣ ውጤቶቹን መደመር፣ ከዚያ ለጠቅላላው ቁጥር ማካፈል ነው። 34.5 በ4 ሲባዛ 138፤ 44.5 በ6፣ 267፤ 54.5 በ12፣ 654፤ 64.5 በ15፣ 967.5፤ 74.5 በ8፣ 596፤ 84.5 በ5፣ 422.5። ሲደመሩ 3045 ይሆናሉ፤ ለ50 ሲካፈል 60.9። የክፍሉ ግምታዊ አማካይ ይህ ነው።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ድግግሞሹን ረስቶ ስድስቱን አጋማሾች ብቻ ደምሮ ለ6 በማካፈል ነው። ያኔ የሚያገኘው 59.5 ነው። ለእውነተኛው ቅርብ በመሆኑ አይጠረጠርም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። 4 ተማሪ ያለበት ምድብና 15 ተማሪ ያለበት ምድብ እኩል ክብደት ተሰጥቷቸዋልና በሌላ ሰንጠረዥ ላይ መልሱ እጅግ ሊርቅ ይችላል። በኤክሴል የሚሠራም ሰው አጋማሾቹ ባሉበት ዓምድ ላይ AVERAGE ቢያዝ የሚመጣለት ይኸው 59.5 ነው። አጋማሾቹ ከB2 እስከ B7፣ ድግግሞሾቹ ከC2 እስከ C7 ቢሆኑ ትክክለኛው ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B7,C2:C7)/SUM(C2:C7)
```

60.9 ግምት ነው ካልን ምን ያህል ሊስት ይችላል? ይህን ጥያቄ መማሪያ መጻሕፍት እምብዛም አያነሱትም፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። ከ60 እስከ 69 ያገኘ ተማሪ ከ64.5 ቢበዛ በ4.5 ነጥብ ይርቃል። በሁሉም ምድብ እንዲሁ ነው። ሁሉም ተማሪዎች በየምድባቸው ታችኛ ጫፍ ላይ ቢሆኑ እውነተኛው አማካይ 56.4፣ ሁሉም በላይኛው ጫፍ ላይ ቢሆኑ 65.4 ይሆናል። ከዚህ ውጪ ሊሆን አይችልም። በተግባር ግን አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ስለሚያደላ ስህተቶቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ እውነተኛው አማካይ ለ60.9 በጣም ቅርብ ሆኖ ይገኛል። ይህ መጣፋት የሚሠራው ተማሪዎቹ በምድቡ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲበተኑ ብቻ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ጫፍ የሚከማቹበት ምክንያት ካለ አይሠራም። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሚዲያን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ተማሪዎቹ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ውጤት በሰልፍ ቢቆሙ ሰልፉን ለሁለት እኩል የሚከፍለው ውጤት የት ነው? ለ50 ተማሪዎች ከታች 25፣ ከላይ 25 የሚያደርገውን ነጥብ እንፈልጋለን። ድግግሞሾቹን እያጠራቀምን እንሂድ፦ እስከ 39 ድረስ 4፣ እስከ 49 ድረስ 10፣ እስከ 59 ድረስ 22፣ እስከ 69 ድረስ 37። 22 ላይ ገና 25 አልደረስንም፤ 37 ላይ አልፈነዋል። ስለዚህ ሚዲያኑ 60–69 ምድብ ውስጥ ነው። ይህ ግምት ሳይሆን እርግጥ ነው፤ ከ23ኛው እስከ 37ኛው ያሉት ተማሪዎች በሙሉ በዚህ ምድብ ናቸውና 25ኛውም 26ኛውም እዚህ ናቸው።

ግምቱ የሚጀምረው በምድቡ ውስጥ ትክክለኛውን ቦታ ስንፈልግ ነው። እዚህ ላይ አጋማሹን ትተን ሌላ ነገር እንገምታለን፤ አሥራ አምስቱ ተማሪዎች በምድቡ ስፋት ላይ እኩል ተራርቀው ተቀምጠዋል እንላለን። 25 ለመድረስ ከ22 በኋላ 3 ተማሪ ያስፈልጉናል። 3 ከ15 አንድ አምስተኛ ነው፤ ስለዚህ ከምድቡ ስፋት አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 2 ነጥብ፣ ወደ ውስጥ እንገባለን። መነሻው ግን 60 አይደለም፤ 59.5 ነው። በ59 እና በ60 መካከል ያለው ክፍተት ለሁለቱ ምድቦች እኩል ሲከፈል ድንበሩ 59.5 ላይ ያርፋል፤ የምድቡ ስፋትም ከ59.5 እስከ 69.5 ሙሉ 10 ይሆናል። 59.5 ሲደመር 2፣ 61.5። ሚዲያኑ ይህ ነው። ቀመሩ የሚለውም ይህንኑ ነው፦

```
L + ((n/2 − F) / f) × h = 59.5 + ((25 − 22) / 15) × 10 = 61.5
```

L የምድቡ ታችኛ ድንበር፣ n ጠቅላላው ቁጥር፣ F ከምድቡ በፊት የተጠራቀመው፣ f የምድቡ የራሱ ድግግሞሽ፣ h የምድቡ ስፋት ነው። በF ቦታ 22ን ትቶ 37 የሚያስገባ ተማሪ 25 ሲቀነስ 37 ብሎ ኔጌቲቭ ቁጥር ያገኛል፤ ሚዲያኑም ከምድቡ በታች ወጥቶ 51.5 ይሆናል። ይህ ራሱን የሚያጋልጥ ስህተት ነው፤ ሚዲያን ከተገኘበት ምድብ ውጪ ሊወጣ አይችልም። 60ን መነሻ አድርጎ 62 የሚያገኝ ሰው ግን በምንም አይጋለጥም። ስለዚህ ድንበሩን ከስሌቱ በፊት ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሦስተኛውና ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው። ስያሜውን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ምሁር ካርል ፒርሰን ነው። ውጤቶቹ ከአማካያቸው በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ ይለካል። ሁለት ክፍሎች አማካያቸው 60.9 ሆኖ፣ በአንዱ ሁሉም ተማሪ በ55 እና በ65 መካከል፣ በሌላው ከ30 እስከ 89 ተበትኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ይህ ቁጥር ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ አጋማሽ 60.9ን እንቀንሳለን፤ −26.4፣ −16.4፣ −6.4፣ 3.6፣ 13.6 እና 23.6 እናገኛለን። ከመቀጠላችን በፊት አንድ ፈተና እናድርግ፦ እነዚህን ልዩነቶች በየድግግሞሻቸው አባዝተን ስንደምር ዜሮ መምጣት አለበት። −105.6፣ −98.4 እና −76.8 ሲደመሩ −280.8፤ 54፣ 108.8 እና 118 ሲደመሩ 280.8። ተጣፉ። አማካይ ማለት በሁለቱም በኩል ያለው ክብደት የሚመጣጠንበት የሚዛን መሀል ነውና ካልተጣፉ አማካዩ ተሳስቷል፤ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ከተጣፉ እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ እናባዛለን፤ ኔጌቲቩ በዚህ ይጠፋል። ከዚያ በድግግሞሹ እናባዛለን። 26.4 በራሱ ሲባዛ 696.96፤ በ4 ሲባዛ 2787.84። የቀሩትም በተራ 1613.76፣ 491.52፣ 194.40፣ 1479.68 እና 2784.80 ናቸው። ድምራቸው 9352። ለ50 ሲካፈል 187.04 ይመጣል፤ ይህ ቫሪያንስ ይባላል። ስኩዌር ሩቱ 13.68 ነው።

ከስድስቱ ቁጥሮች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስተውሉ። በዳር ያሉት ዘጠኝ ተማሪዎች ብቻ ከ9352 ውስጥ 5572.64 አበርክተዋል፤ ከግማሽ ይበልጣል። በመሀል ያሉት 15 ተማሪዎች ግን 194.40 ብቻ። ርቀት በራሱ ሲባዛ ሩቁን ያገዝፋልና የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ዕጣ የተያዘው በዳርቻ ምድቦች ነው። ከፎቶው ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ረድፍ ከተቆረጠ ወይም ከደበዘዘ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይህ ልኬት ነው። ስለዚህ ፎቶ ሲነሳ የሰንጠረዡ ጠርዞች ሙሉ በሙሉ መግባታቸው ይረጋገጥ።

በቅደም ተከተሉ ላይ ሁልጊዜ የሚታይ ስህተት አለ። ልዩነቱን በድግግሞሹ አባዝቶ ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ላይ በራሳቸው ማባዛት። ለመጀመሪያው ምድብ 105.6 በራሱ ሲባዛ 11,151 ገደማ ይሆናል፤ መሆን የነበረበት 2787.84 ነው። እንዲህ ሲሠራ የሚወጣው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከልክ በላይ ይገዝፋል። የሚታወቅበትም መንገድ አለ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በትንሹና በትልቁ ዋጋ መካከል ካለው ርቀት ግማሹን አያልፍም። በአጋማሾቹ ስንሠራ ርቀቱ ከ34.5 እስከ 84.5 50 ነው፤ ግማሹ 25። ከ25 በላይ የመጣ መልስ ስህተት ነው። ሌላው መፈተኛ በአማካዩና በሚዲያኑ መካከል ያለው ልዩነት ከስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አለመብለጡ ነው። የኛ ልዩነት 0.6 ነው፤ ከ13.68 እጅግ ያነሰ።

ለ50 ነው ወይስ ለ49 የሚካፈለው? ይህን የሚወስነው ጥያቄው ነው። 50ዎቹ ተማሪዎች የምንገልጸው ክፍል ሙሉ ከሆነ ለ50 ይካፈላል። ከትልቅ ትምህርት ቤት በናሙና የተወሰዱ ከሆኑና ስለ ትምህርት ቤቱ ልንናገር ከፈለግን ለ49 ይካፈላል፤ መልሱም 13.82 ይሆናል። በዚህ ሰንጠረዥ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በ8 ወይም በ10 ሰው ሰንጠረዥ ግን ያን ያህል ትንሽ አይሆንም።

ወደ ግምቱ እንመለስ። አጋማሽ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ላይ የሚያደርሰው ስህተት እንደ አማካዩ ወዲያና ወዲህ ተጣፍቶ አያልቅም። ሁለት ጉልበቶች በተቃራኒ ይጎትቱታል። በአንድ በኩል በአንድ ምድብ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች እርስ በርስ ይለያያሉ፤ ሁሉንም አጋማሹ ላይ ስናቆም ይህን ልዩነት እናጠፋዋለንና ስርጭቱ ያንሳል። በሌላ በኩል ብዙ ሰው መሀል ላይ በሚከማችበት ሰንጠረዥ፣ ከአማካዩ በታች ባለ ምድብ ያሉት ሰዎች ወደ ምድቡ የላይኛ ጫፍ፣ ከአማካዩ በላይ ባለ ምድብ ያሉት ደግሞ ወደ ታችኛው ጫፍ ያደላሉ፤ ሁሉም ወደ መሀል ነው የሚጠጉት። አጋማሹ ከእውነተኛ ቦታቸው አርቆ ያስቀምጣቸዋልና ስርጭቱን ያሰፋዋል። በ1898 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሼፐርድ የተባለ ሒሳባዊ የሁለቱን ሚዛን አሰላ። ድግግሞሹ በሁለቱም ዳር ቀስ እያለ ወደ ዜሮ በሚወርድበት ሁኔታ ሁለተኛው ጉልበት ያሸንፋል፤ ቫሪያንሱም በአማካይ የምድብ ስፋት በራሱ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በሚገኘው ያህል ይበዛል። በኛ ምሳሌ 100 ለ12 ሲካፈል 8.33 ነው። ከ187.04 ስንቀንሰው 178.71፤ ስኩዌር ሩቱ 13.37። የኛ ሰንጠረዥ ግን በዳር በኩል 4 እና 5 ብሎ በድንገት ስለሚቆም እርማቱን በሙሉ ልብ አልጠቀምበትም። የሚጠቅመው የስህተቱን መጠን ለመገመት ነው፤ 13.68 የሚለው ቁጥር ከነጥብ በኋላ ባለው የመጀመሪያ አኃዝ ላይም ጥርጥር ያለበት መሆኑን ያሳያል። ምድቡ በጠበበ ቁጥር ጥርጥሩ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ስፋቱ ከ10 ወደ 5 ቢወርድ እርማቱ ወደ 2.08 ይወርዳል፤ አንድ አራተኛ ብቻ ይቀራል።

አጋማሹን ራሱን የሚያዛባ ሁኔታም አለ፤ ከሁሉ በግልጽ የሚታየው ዕድሜ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሴቶችን ዕድሜ 15–19፣ 20–24 እያለ እስከ 45–49 ይመድባል። የ20–24 አጋማሽ ስንት ነው? ከላይ እንዳደረግነው 20 እና 24 ደምሮ ለ2 የሚያካፍል 22 ይላል። ግን 24 ዓመት ከ11 ወር የሆናት ሴትም «24» ነው የምትለው፤ ዕድሜ የሚቆጠረው በሞላው ዓመት ነውና። ምድቡ የሚዘልቀው ከ20 እስከ 25 ጫፍ ድረስ ነው፤ አጋማሹም 22.5 ነው። 22ን የተጠቀመ ሰው የሕዝቡን አማካይ ዕድሜ በግማሽ ዓመት አሳንሷል። ለሚዲያኑም እንዲሁ ታችኛው ድንበር 20 ነው፣ 19.5 አይደለም። የፈተና ውጤትና ዕድሜ በሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓይነት መስለው የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ቁጥሩ እንዴት እንደተቆጠረ ሳይታወቅ አጋማሹ አይታወቅም።

ከዚህም በላይ በሀገራችን ቆጠራዎችና ጥናቶች ላይ ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ሲከማች በተደጋጋሚ ታይቷል። የልደት ቀን ባልተመዘገበበት ሁኔታ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ 30፣ 35፣ 40 ይላል። ባለሙያዎች ይህን በዊፕል መለኪያ ይለኩታል፤ ክምችት ከሌለ 100፣ ሁሉም ሰው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ቢናገር 500 የሚያሳይ ነው። አሁን የአምስት ዓመት ምድቦቹን አስቡ፦ 30–34፣ 35–39። ሰው የሚከማችበት ቁጥር ሁልጊዜ የምድቡ ታችኛ ጫፍ ነው። ስለዚህ የተነገሩት ዕድሜዎች በወዲያና ወዲህ ተጣፍተው አጋማሹ ላይ አይገኙም፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያደላሉ። ከላይ «እመለስበታለሁ» ያልኩት ይህን ነው። እዚህ ላይ ግን ሌላ ውስብስብ ነገር አለ። «30» ያለው ሰው እውነተኛ ዕድሜው 28 ወይም 32 ሊሆን ስለሚችል የተነገረውን ዕድሜ አማካይና የእውነተኛውን ዕድሜ አማካይ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አጋማሹን በዘፈቀደ ወደ ታች መጎተት መፍትሔ አይሆንም።

የመጨረሻው ችግር ክፍት ምድብ ነው። የምሳሌያችን የመጨረሻ ረድፍ «80–89» መሆኑ ቀርቶ «80 እና ከዚያ በላይ» ቢል አጋማሽ የለውም፤ ሠሪው ራሱ መምረጥ አለበት። የጎረቤቶቹን ስፋት ተከትሎ 84.5 የሚል ሰው ቀድሞ ያገኘናቸውን መልሶች ያገኛል። ፈተናው ከ100 ነውና 90 የሚል ሰው ደግሞ አማካዩ 61.45፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 14.69 ይሆንለታል። ሚዲያኑ ግን በሁለቱም 61.5 ነው፤ ስለ መጨረሻው ምድብ የሚፈልገው የሰዎቹን ቁጥር ብቻ ነውና። በዚህ ምክንያት ክፍት ምድብ ባለበት ሰንጠረዥ፣ ለምሳሌ የገቢ ሰንጠረዥ ላይ፣ እኔ ሚዲያኑን አስቀድማለሁ። አማካዩን መጻፍ ግድ ከሆነ ለክፍቱ ምድብ የተመረጠው አጋማሽ ከጎኑ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ አንባቢው ቁጥሩን ሊመረምረው አይችልም።

እንዲህ ያለ ፎቶ ደርሷችሁ የምትሠሩ ሁሉ መልሱን ብቻ አትላኩ። ከፎቶው ያነበባችሁትን ሰንጠረዥ ከነድምሩ በጽሑፍ ገልብጣችሁ ከመልሱ ጋር አያይዙ፤ 3 ወይም 8 የሚለው ክርክር ያኔ በአንድ ዓይን እይታ ይፈታል። ከመልሱ ፊት «በግምት» የሚለውን ቃል አስቀምጡ፤ ከአንድ አኃዝ በላይ ዲሲማልም አትጨምሩ። የውጤት መዝገቡ ራሱ በመምህሩ እጅ ካለ ደግሞ ሰንጠረዡን ትታችሁ መዝገቡን ጠይቁ።